ቀን እንዲራዘም ለአለቃ ሲጻፍ፦ ልመናም ትእዛዝም የማይመስል ኢሜይል

ጥያቄ፦ በአንድ የረድኤት ድርጅት ውስጥ የክትትልና ግምገማ ጀማሪ ባለሙያ ነኝ። የሩብ ዓመቱን ሪፖርት አርብ ጥቅምት 7 ቀን 2018 ለዳይሬክተራችን ማስረከብ አለብኝ። ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ከሰባቱ ወረዳዎች የሁለቱ መረጃ ገና አልመጣም። ቀን እንዲጨምሩልኝ በኢሜይል ልጠይቃቸው ብዬ ስጽፍ አንዴ ልመና ይመስልብኛል፣ ሳሳጥረው ደግሞ ትእዛዝ ይሆንብኛል። አሁን ያለኝ ይህ ነው፦ «ክብርት ዳይሬክተር፣ በቅድሚያ ውድ ጊዜዎን ስለምሻማ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከአቅሜ በላይ በሆነ ምክንያት ሪፖርቱን በተባለው ቀን ማድረስ ስላልቻልኩ ጥቂት ቀናት እንዲጨመሩልኝ በታላቅ ትህትና እለምናለሁ። እንደሚረዱኝ በመተማመን ለሚያደርጉልኝ ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ።» ምኑን ላስተካክል?

ምላሽ፦

ረቂቅሽ አክብሮት አላነሰውም። ያነሰው ዳይሬክተሯ «እሺ» ወይም «አይሆንም» ለማለት የሚያስፈልጋቸው ነገር ነው። ስንት ቀን እንደፈለግሽ፣ ለምን እንደፈለግሽ፣ እስከ አርብ ምን እንደሚደርስ አልተጻፈም። እነዚህ ሲጎድሉ ትህትናው ብቻውን ይቀርና ልመና ይሆናል። ትህትናውን ስትቀንሺለት ደግሞ ከሥሩ የሚይዘው ስለሌለ ትእዛዝ ይመስላል። ቃላቱን በመለዋወጥ ብቻ የትም አትደርሺም፤ መጀመሪያ ፍሬ ነገሩ ይግባ፣ ቃናው ከዚያ በኋላ ብዙ አያስቸግርም።

ለዓመታት በሥራ አስፈጻሚ ጸሐፊነት ስሠራ የአለቆቼን የመልእክት ሳጥን ከፍቶ አስቸኳዩን መለየት የዕለት ሥራዬ ነበር። ኃላፊዎች ኢሜይል የሚያነቡት ተደላድለው ተቀምጠው እንዳይመስልሽ። ከአንዱ ስብሰባ ወጥተው ወደ ሌላው ሲገቡ፣ መኪና ውስጥ፣ ሰው በር ላይ እየጠበቃቸው፣ በስልካቸው ነው የሚያዩት። ስልኩ ላይ ሳይከፈት የሚታየው የላኪው ስም፣ ርዕሱና የመጀመሪያው መስመር ነው። ያንቺ የመጀመሪያ መስመር ይቅርታ ነው። ይህን ያዩ ኃላፊ ጉዳዩ ምን እንደሆነ ስለማያውቁ «ማታ አየዋለሁ» ብለው ያልፉታል። ማታ ደግሞ ሌሎች ብዙ መልእክቶች ከላዩ ተደርበውበታል። ስለዚህ ጥያቄው ራሱ፣ ከነቀኑ፣ ከሰላምታው ቀጥሎ መምጣት አለበት። ይህ ድፍረት አይደለም፤ ጊዜያቸውን መቆጠብ ነው። በረቂቅሽ ይቅርታ የጠየቅሽበትም ይኸው ጊዜያቸው ነው።

አሁን ወደ ሐረጎቹ ልግባ። «ከአቅሜ በላይ በሆነ ምክንያት» የሚለው በየመሥሪያ ቤቱ ከመለመዱ የተነሣ ምንም የማይናገር ሆኗል። ያረፈደውም፣ የረሳውም፣ በእውነት የተቸገረውም ይጽፈዋል። አለቃ ሲያነቡት «የሆነ የሚደበቅ ነገር አለ» ብለው ቢጠረጥሩ አይፈረድባቸውም። አንቺ ግን የምትደብቂው የለሽም፤ የሁለት ወረዳዎች ቅጽ አልደረሰሽም፣ በቃ። እውነተኛው ምክንያት ከሐረጉ ያጠረም የጠነከረም ነው።

«ማድረስ ስላልቻልኩ» ያልሽውን ደግሞ ልብ በይው። ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ማስረከቢያው አርብ ነው፤ አንቺ ግን ነገሩ እንዳለቀ አድርገሽ ጽፈሽዋል። እሳቸው ይወስናሉ ተብሎ ሳይጠበቅ ውጤቱ ተነገራቸው ማለት ነው። ትእዛዝ የመሰለሽ አንዱ ከዚህ ይመጣል። መረጃው «እስከ ዛሬ አልደረሰኝም» ብትዪ እውነቱን ብቻ ተናገርሽ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የእሳቸው ውሳኔ ሆኖ ይቆያል።

«ጥቂት ቀናት» ትሁት ይመስላል። ለሚያነቡት ግን ሥራ ነው፤ ስንት ቀን እንደሚበቃሽ ማስላቱን ለእሳቸው ተውሽው። መልሳቸው «ስንት ቀን?» የሚል ይሆናል፣ አንቺም ትመልሻለሽ፣ በአንድ ኢሜይል የሚያልቀው ጉዳይ ሦስትና አራት ይሆናል። ብዙ ጀማሪዎች ቀን መጥቀስ አለቃን ማዘዝ ይመስላቸዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። «እስከ ማክሰኞ 6 ሰዓት ቢፈቅዱልኝ» ስትዪ ቀኑን ያቀረብሽው አንቺ ነሽ፣ የሚፈቅዱት ወይም የሚከለክሉት ግን እሳቸው ናቸው።

መጨረሻው ላይ ያሉት ሁለቱ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያሳስቡኛል። «እንደሚረዱኝ በመተማመን» እና «በቅድሚያ አመሰግናለሁ» በማመልከቻ ላይ የኖሩ አባባሎች ናቸው፤ ለትምህርት ቤት መሸኛ ወይም ለቀበሌ መታወቂያ ሲጻፉ ማንንም አያስከፉም። እዚህ ግን እሺታቸውን ሳይሰጡ ቀድመሽ ተቀበልሻቸው። በግንባሩ «እለምናለሁ» ብሎ ለምኖ በጀርባው ፈቃዱን የወሰደ መልእክት ነው። ልመናም ትእዛዝም መሰለኝ ያልሽው ለዚህ ነው፤ ሁለቱም በእርግጥ አሉበት። ምስጋናውን ከፈቀዱ በኋላ አድርሺው።

ስለ አንቱታው ጥቂት ልጨምር። «ክብርት» ለሚኒስትር፣ ለአምባሳደር፣ ለዳኛ የተለመደ ነው። በአንድ ቢሮ ውስጥ በየቀኑ ለምታገኚያቸው ዳይሬክተር ሲሆን ይርቃል፣ አንዳንዴም ሽንገላ ይመስላል። ራሳቸው ኢሜይላቸው ግርጌ ላይ የሚጠሩበትን ማዕረግ ተከተዪ፤ ዶ/ር ከሆኑ ዶ/ር፣ ካልሆኑ ወ/ሮ ከስማቸው ጋር። በቃል «አንቺ» እየተባባላችሁ የምትሠሩ ቢሆን እንኳ በዚህ ኢሜይል ላይ «እርስዎ» ይሁን። ምክንያቱም ይህ ጽሑፍ በእሳቸው ዘንድ አይቀርም፤ ለፋይናንስ ክፍል ወይም ለፕሮግራም ኃላፊው ሊያስተላልፉት ይችላሉ። ከጀመርሽው ደግሞ እስከ መጨረሻው ያዢው። «እርስዎ» ብሎ ጀምሮ በመካከል «ብታዪልኝ» የሚል ኢሜይል በችኮላ የተጻፈ መሆኑን ራሱ ይመሰክራል።

ግሱ ላይም ምርጫ አለሽ። «ይራዘምልኝ» ቆራጥ ነው፤ ለባልደረባ ሊሆን ይችላል፣ ለዳይሬክተር ግን ይከብዳል። «እንዲራዘምልኝ እጠይቃለሁ» ደህና የመሥሪያ ቤት አነጋገር ነው፤ ማንም አይቀየምበትም። «ቢፈቅዱልኝ» ከሁሉም የለሰለሰው ሲሆን በሩን ለእሳቸው ክፍት ይተዋል። «እለምናለሁ» ግን ለሥራ ጉዳይ አይሁን፤ የሥራ ቀን መጠየቅ ችሮታ መጠየቅ አይደለምና። ከነዚህ አንዱን መርጠሽ አንድ ጊዜ ከተጠቀምሽ ይበቃል። በየዐረፍተ ነገሩ «በትህትና»፣ «በአክብሮት»፣ «እባክዎ» ሲደጋገም አንባቢው ከጥያቄው ይልቅ ፍርሃቱን ያያል።

ከመጻፍሽ በፊት አንድ ስሌት ሥሪ፤ ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ነው። ሪፖርቱ ዳይሬክተሯ ጋር ደርሶ የት ይሄዳል? አንብበው፣ አርመው፣ ከፋይናንስ ሪፖርቱ ጋር አያይዘው ለለጋሹ ይልካሉ። ያ ቀን መቼ እንደሆነ የማታውቂ ከሆነ ፋይናንስ ክፍል ጠይቂ። ለምሳሌ ያህል አርብ ጥቅምት 14 ነው እንበል። መረጃው ሐሙስ ጥቅምት 6 ከመጣልሽ፣ አርብና ሰኞን ለማጣራትና ለማዋሃድ ትጠቀሚበታለሽ፣ ማክሰኞ ጥቅምት 11 እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ታስረክቢያለሽ። ለእሳቸው የማክሰኞ ከሰዓት፣ ረቡዕና ሐሙስ ይቀራቸዋል። ይህ ይበቃል። ስሌቱ ረቡዕ ጥቅምት 12 ማታ ላይ ቢወድቅብሽ ኖሮ ግን ለሰባት ወረዳ ሪፖርት አንድ ቀን ብቻ ልትተዪላቸው ነው፤ ያኔ ምንም ዓይነት ለስላሳ ቃል አያድንሽም፣ መጠየቅ ያለብሽም ሌላ ነገር ነው። የጥያቄሽ ድንበር የእሳቸው ቀን እንጂ የአንቺ ምቾት አይደለም።

እንግዲህ እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦

«ርዕስ፦ የሩብ ዓመት ሪፖርት፣ እስከ ማክሰኞ ጥቅምት 11 የማራዘሚያ ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ወ/ሮ እገሊት፣

አርብ ጥቅምት 7 ለማስረክበው የሩብ ዓመት ሪፖርት የሁለት ወረዳዎች መረጃ እስከ ዛሬ ስላልደረሰኝ፣ ሙሉውን ሪፖርት ማክሰኞ ጥቅምት 11 እስከ ቀኑ 6 ሰዓት እንዳስረክብ ቢፈቅዱልኝ ብዬ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የአምስቱ ወረዳዎች መረጃ ተጣርቶ ተጠናቋል። የቀሩት ሁለቱ ቅጻቸውን ሐሙስ እንደሚልኩ ዛሬ ጠዋት በስልክ አረጋግጠውልኛል። ከደረሰኝ በኋላ ለማጣራትና ከአጠቃላዩ ጋር ለማዋሃድ ሁለት የሥራ ቀናት ያስፈልጉኛል።

የአምስቱን ወረዳዎች ረቂቅ በቀጠሮው መሠረት አርብ እልክልዎታለሁ። ሙሉው ማክሰኞ ቢደርስዎ፣ ለለጋሹ እስከሚላክበት አርብ ጥቅምት 14 ድረስ ለማየት ሁለት ቀን ተኩል ይኖርዎታል።

ቀኑ መራዘም የማይችል ከሆነ ሪፖርቱን አርብ በአምስቱ ወረዳዎች አዘጋጅቼ የሁለቱን በአባሪ ላስከትል እችላለሁ። የሚሻለውን ቢያሳውቁኝ በዚያው መሠረት እሠራለሁ።

ከሰላምታ ጋር»

ከሥሩ ስምሽ፣ የሥራ መደብሽና ስልክሽ ይሁን። በዚህ ውስጥ የአክብሮት ቃል ብዙ የለም። አክብሮቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ ለማየት ምን ያህል ጊዜ እንደሚቀራቸው አስበሽላቸዋል፣ ባዶ እጅሽን አልመጣሽም፣ እምቢ ቢሉ እንኳ የሚይዙት ነገር ሰጥተሻቸዋል። በ«እሺ፣ ማክሰኞ» ብቻ መመለስ ይችላሉ። ባለኝ ልምድ ከላይ ያሉ ሰዎችን የሚያስደስታቸው እንዲህ በአንድ ቃል የሚመለስ ኢሜይል ነው።

ወረዳዎቹን በስም አለመጥቀሴን አስተውለሽ ይሆናል። «እነ እገሌ ስላልላኩልኝ» ማለት እውነት ቢሆንም ክስ ነው። እዚያ ወረዳ ያለው ባልደረባ በዚህ ምክንያት በማግስቱ ከላይ ስልክ ቢደወልለት በሚቀጥለው ሩብ ዓመት መረጃውን ለአንቺ ለማድረስ የሚቸኩል አይመስለኝም። የትኞቹ ወረዳዎች እንደሆኑ ከጠየቁሽ ትነግሪያቸዋለሽ። «መረጃው አልደረሰኝም» ብሎ መረጃውን የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ማድረግ ማንንም ሳይነካ እውነቱን ይናገራል። «በስልክ አረጋግጠውልኛል» የሚለውም በከንቱ አልገባም፤ እጅሽን አጣጥፈሽ እንዳልተቀመጥሽ ያሳያል። ግን ሳትደውዪ እንዳትጽፊው፤ መጀመሪያ ደውዪና ቁርጥ ያለ ቀን ተቀበዪ። ሐሙስ የማይሆንላቸው ከሆነ የምትጠይቂው ቀንም ይለወጣል። ሁለተኛ ማራዘሚያ ከመጠየቅ የመጀመሪያውን በትክክል መጠየቅ እጅግ ይሻላል።

መዘግየቱ የራስሽ ጥፋት ቢሆን ኖሮ ደግሞ የምክንያቱ ዐረፍተ ነገር ብቻ ይለወጥ ነበር። «የማጣራቱን ሥራ ከሚፈጀው ጊዜ አሳንሼ ገምቼው ነበር፤ ለዚህም ይቅርታ እጠይቃለሁ» ብሎ ወደ መፍትሔው ማለፍ ነው። ይቅርታ በቦታው የሚገባው እንዲህ ሲሆን ነው፣ አንድ ጊዜ። ላላጠፋሽው ይቅርታ ስትጠይቂ አንባቢው ጥፋት መፈለግ ይጀምራል። ሐዘን ወይም ሕመም ከሆነም «የቤተሰብ ሐዘን ገጥሞኝ» ይበቃል፤ የአገራችን ሰው ለቅሶን ያውቀዋል፣ ዝርዝር አይጠይቅሽም።

የቅርብ አለቃሽን አትርሺ። ጥያቄሽ ውስጥ አላነሣሻቸውም፣ ግን አስተባባሪ ወይም የቡድን መሪ ይኖርሻል። ኢሜይሉ ከመሄዱ በፊት ጠረጴዛቸው ጋር ሄደሽ በቃል ንገሪያቸው፦ «ለዳይሬክተሯ እንዲህ ልጽፍ ነው፣ ምን ይላሉ?» ምናልባት «እኔ ልንገራቸው» ይሉሻል፣ ምናልባት ለለጋሹ የሚላክበት ቀን መቀየሩን ያውቃሉ። ከዚያ በግልባጭ አስገቢያቸው። ሳይነገራቸው በግልባጭ ብቻ ቢደርሳቸው ከማለፍ አይለይም። ቃናው ምንም ቢያምር «አልፋኝ ሄደች» ያለ የቅርብ አለቃ ልብ ውስጥ የሚቀረው ሌላ ነው። በግልባጩ ላይ ሌላ ሰው አትጨምሪ፤ የወረዳ ባልደረቦቹን ወይም ፋይናንስን ካስገባሽ ጥያቄሽ በአደባባይ የቀረበ ይሆናል፣ ዳይሬክተሯም በሰው ፊት እሺ ወይም እምቢ እንዲሉ ትጫኛቸዋለሽ።

ዛሬ ማክሰኞ ስለሆነ ዛሬውኑ ላኪው። ሐሙስ ማታ ወይም አርብ ጠዋት ቢደርሳቸው ይኸው ጽሑፍ፣ አንድ ቃል ሳይለወጥ፣ ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ ማስታወቂያ ይሆናል፤ ሌላ አማራጭ የላቸውማ። ስለ ቀን አጻጻፍም፦ ኢሜይሉ ለውጭ አገር ሰው የሚተላለፍ ከሆነ ጥቅምት 11ን «ኦክቶበር 21» ብለሽ ጎን ለጎን ጻፊው፣ «ቀኑ 6 ሰዓት» የሚለውንም «እኩለ ቀን» አድርጊው። በእኛ አቆጣጠር 6 ሰዓት ሲባል የማያውቅ ሰው ማለዳ ወይም ምሽት ሊመስለው ይችላል።

መልስ ካልመጣስ? ዝምታውን እንደ ፈቃድ አትቁጠሪው። የመጀመሪያው ቀን እንዳለ ነው፤ ለአርብ እየሠራሽ ቆዪ። ረቡዕን ጠብቀሽ ሐሙስ ጠዋት በዚያው ኢሜይል ላይ ሁለት መስመር ጨምሪ፦ «ወ/ሮ እገሊት፣ ማክሰኞ ስለ ሪፖርቱ የላክሁልዎትን ጥያቄ ለማስታወስ ነው። እስከ ዛሬ ከሰዓት የተለየ መመሪያ ካልደረሰኝ የአምስቱን ወረዳዎች ሪፖርት በቀጠሮው አርብ አስረክባለሁ።» እዚህ ላይ ተጠንቀቂ፤ «መልስ ካልሰጡኝ እንደተፈቀደ እቆጥረዋለሁ» የሚል ነገር ለአለቃ አይጻፍም። እኔ የጻፍኩት ተቃራኒው ነው፦ ዝም ካሉ የምትፈጽሚው የእሳቸውን የመጀመሪያ ቀጠሮ ነው። በጸሐፊያቸው በኩል «ኢሜይሉን አይተውት ይሆን?» ብሎ መጠየቅም ነውር የለውም፤ እኔ ራሴ ብዙ ጊዜ ተጠይቄያለሁ፣ ብዙ ጊዜም ያልታየ ኢሜይል በዚያ ምክንያት ተከፍቷል። በቴሌግራም እሳቸውን መከታተል ግን ራሳቸው የሚጠቀሙበት ካልሆነ ይቅርብሽ።

እምቢ ካሉ «ተቀብያለሁ፤ አርብ በአምስቱ ወረዳዎች አስረክባለሁ፣ የሁለቱ እንደደረሰኝ በአባሪ ይከተላል» ብለሽ መልሺ። ለማሳመን ሁለተኛ ሙከራ አታድርጊ፤ የማታውቂው ምክንያት ሊኖራቸው ይችላል። እሺ ካሉ ደግሞ በዚያኑ ቀን «አመሰግናለሁ፤ ማክሰኞ እስከ 6 ሰዓት ይደርስዎታል» በይ፣ አርብም ቃል የገባሽውን ረቂቅ ላኪ። የሁለቱ ወረዳዎች ቅጽ ሐሙስ ሳይመጣ ከቀረ ማክሰኞን አትጠብቂ፤ አርቡን ከረቂቁ ጋር በአንድ መስመር ንገሪያቸው።